ዴት ላይ «አይሆንም» ስትባሉ፦ «እሱ አልፈለገኝም» እና «አላምርም» የሚሉትን እንዴት እንደምትለዩ

ቃሉ ይለያያል እንጂ በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ተገናኘን፣ አወራን፣ ደስ ብሎት ነበር፣ ከዛ ጠፋ። አላምርም ማለት ነው አይደል?» ሴቶችም ይጠይቁኛል ወንዶችም ይጠይቁኛል፣ ወንዶቹ ትንሽ ዞር አድርገው «ቁመቴ ነው መሰለኝ» ምናምን ይሉታል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ስለቆየሁ ከነአሠራሩ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አንድ ሰው ካንተ ወይም ካንቺ ጋር መቀጠል አልፈለገም የሚለው ነው፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው፣ ቀን አለው፣ መልእክት አለው። ሁለተኛው ሰዎች መልኬን አይወዱትም የሚለው ነው፣ ይሄ ደግሞ ስለ ብዙ ሰው ዓይን የሚነገር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የምንዘለው በአስር ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ለዛውም በመሀል ምንም ማስረጃ ሳይኖር። ከታች ያለው ማስረጃውን አውጥቶ ማየት ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉት፣ ከዛው ስልክ ወደሱ ፕሮፋይል ለመግባት አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።
- ቻቱ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝሩ፣ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ። ከተናደዳችሁ በኋላ ካጠፋችሁት የምታስታውሱት ይበቃል፣ ግን ቀኑን በበዓል፣ በደሞዝ ቀን፣ በሆነ ነገር አስታውሱት።
- ሊያጽናናችሁ የማይቸኩል አንድ ጓደኛ። ሁለታችሁን አብሮ ያየ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው።
- 3 ቀን መጠበቂያ፣ ከዛ ደግሞ 1 ሰዓት ጸጥ ያለ ጊዜ።

1. መጀመሪያ 3 ቀን ምንም አትደምድሙ

መልእክቱ በመጣ ሌሊት ይሄን ሥራ አትሥሩት። ምክንያቱም በዛ ሌሊት የምታነቡት ነገር ሁሉ ለአንድ ሐሳብ ምስክር ሆኖ ነው የሚታያችሁ። «እሺ የኔ ቆንጆ» ያለው ራሱ «ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው ያለው» ተብሎ ይነበባል። አንድ ጓደኛዬ አንድ መልእክት ማታ አንብባ ስድብ ነው አለችኝ፣ ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ መልእክት ስታነብ የተጨነቀ ሰው የጻፈው ይመስላል አለች፣ አንድ ፊደል አልተቀየረም።

በነዚህ ሦስት ቀናት ቻቱን ሚውት አድርጉት፣ ስቶሪውን አትዩ፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ ጥፋት አትፈልጉ። ብሉ፣ ተኙ፣ ሥራ ሂዱ። አራተኛው ቀን ላይ ወረቀቱን አውጡ።

2. ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና የተባለውን ከተረዳችሁት ለዩ

መሀሉን አስምሩ። ግራ በኩል ሰውየው የተናገረውን ወይም ያደረገውን ብቻ በራሱ ቃል ጻፉ። ቀኝ በኩል እናንተ የተረዳችሁትን ጻፉ። ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ «ንቆኝ ሄደ» ብሎ ግራ በኩል ይጽፋል። «ናቀኝ» ትርጉም ነው፣ «ስልክ አላነሳም» ግን የሆነ ነገር ነው።

ከአንድ ሰው ጋር አብረን የሠራነውን እስከ መጨረሻ አሳያችኋለሁ፣ ልጅቷ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም። 27 ዓመቷ ነው፣ ወንጂ ነው ያደገችው፣ አሁን አዲስ አበባ አያት አካባቢ ነው የምትኖረው። እዛ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፣ በልጅነቱ እሱን እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፣ የሷም እንደዛ ነው። ጓደኛዋ ሰርግ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ተዋወቀች፣ በሰባት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ተገናኙ፣ ከዛ በቴሌግራም «በጣም ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ግን እኔ አሁን ለሪሌሽንሺፕ ዝግጁ አይደለሁም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ ጻፈላትና በዛው ቀረ።

ወረቀቷን ስታሳየኝ ግራ በኩል ያቺ አንድ መልእክትና «ከዛ በኋላ አልጻፈም» የሚል ነበር። ቀኝ በኩል ግን ሞልቶ ወደ ጀርባ ዞሯል። ጥርሴን አይቶ ነው፣ ከኔ ጋር መታየት አፍሮ ነው፣ ጓደኞቹ ነግረውት ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሆነው። ጥርስ የሚለው ቃል ቀኝ በኩል አምስት ጊዜ አለ፣ ግራ በኩል አንድም ቦታ የለም።

ቀኝ በኩል ያለውን አታጥፉት። ግራ በኩል ምንም መነሻ የሌለው እያንዳንዱ መስመር ፊት የጥያቄ ምልክት አድርጉበት፣ በቃ። ይሄ የሚጠቅመው ግምቱ ሐሰት ነው ለማለት ሳይሆን ግምት መሆኑ ወረቀት ላይ እንዲታይ ነው፣ ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ሁለቱ ዓምዶች ተቀላቅለው አንድ ነው የሚመስሉት።

3. ፊታችሁን መጀመሪያ ያየበትን ቀን ጻፉ፣ ከዛ በኋላ ያደረገውን ደርድሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ሰው መልካችሁን የሚያየው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቁመትም፣ ውፍረትም፣ ቆዳም፣ ጥርስም ያን ቀን ታይቷል። ስለዚህ ካየ በኋላ ምን አደረገ? ብላችሁ በሳምንት በሳምንት ደርድሩት። የሷ እንዲህ ነበር፦

- ሳምንት 1፦ ሰርጉ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበሩ፣ ስትስቅ ነው ያመሸችው። ስልክ የጠየቀው እሱ ነው። በማግስቱ እሱ ደወለ።
- ሳምንት 2፦ ቦሌ ማኪያቶ ጠጡ፣ ሦስት ሰዓት ቁጭ አሉ።
- ሳምንት 3፦ እሱ ሳሪስ ነው የሚኖረው፣ በታክሲ እስከ አያት ሸኝቷት ተመለሰ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ይሄ ቀልድ አይደለም።
- ሳምንት 5፦ ጓደኞቹ ያሉበት ምሳ ላይ ጠራት።
- ሳምንት 6፦ ስለ ወደፊት አወሩ። እናቷ ካረፉ በኋላ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን እሷ እያሳደገች እንደሆነና ብታገባም አብረዋት እንደሚኖሩ ነገረችው።
- ሳምንት 7፦ መልሱ አጠረ፣ «እሺ» «ሥራ በዝቶ ነው» መባባል መጣ፣ ከዛ ያ መልእክት።

ይሄን ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ሳምንት 5 ላይ ስትደርስ ራሷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከሷ ጋር መታየት ያፈረ ሰው ጓደኞቹ መሀል አይጠራትም። ይሄን የነገርኳት እኔ አይደለሁም፣ ቀኑን ስትደረድር ነው የታያት።

4. «መጨረሻ ሁለት ሳምንት ውስጥ ስለኔ ምን አዲስ ነገር አወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ

ምክንያት ከውጤቱ በፊት ነው የሚመጣው፣ ግን ደግሞ በጣም ሩቅ አይሆንም። ሰባተኛ ሳምንት ላይ ለተቀየረ ሰው አንደኛ ሳምንት ላይ ያየውና እያየው የመጣው ነገር ደካማ ምክንያት ነው። አዲስ የገባው ነገር ነው መታየት ያለበት። እኛ ጋር ብዙ ጊዜ የሚገቡትን ልዘርዝር፦ ሃይማኖት፣ ቤተሰብ ያለው ነገር፣ ብሔር፣ የገንዘብ ሁኔታ፣ የምትጦሩት ሰው፣ ልጅ መኖሩ፣ የውጭ አገር ፕሮሰስ፣ የድሮ ፍቅረኛ መመለስ፣ ጋብቻ የሚባለው ቃል መነሳቱ ራሱ። ዝምድና ሲቆጠር ሰባት ቤት ሳይሞላ ቀርቶ የተቋረጠም አውቃለሁ፣ ሁለቱም እየተፈላለጉ።

እሷ ጋር አዲስ የገባው የወንድሞቿ ነገር ነው። በሱ ምክንያት ነው የሄደው ብዬ አልምልም፣ እሱም አልተናገረም። ሥራው ላይ የሆነ ነገር ገጥሞት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ሰው አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፣ ዓላማችን ትክክለኛውን ምክንያት ማግኘት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዓላማችን «ምክንያቱን አላውቅም» የሚለውን «መልኬ ነው» ከሚለው ጋር አለማቀላቀል ነው። ምክንያቱ ባዶ ሲሆን ሰው ቶሎ የሚሞላው በፊት ያፈረበትን ነገር አምጥቶ ነው። እሷ ጥርስ ሞላችበት፣ ጸጉሩ የሳሳ ወንድ ጸጉር ይሞላበታል፣ ወፍራም የተባለች ልጅ ኪሎ ትሞላበታለች፣ ሰውየው ግን ለሦስቱም አንድ ዓይነት «ዝግጁ አይደለሁም» ነው ያላቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማይሠራበት ሁኔታ አለ፣ መደበቅ አልፈልግም። አንዳንድ ሰው ከመጀመሪያውም ስሜት ሳይኖረው «ምናልባት እየቆየ ይመጣል» ብሎ ይቀጥላል፣ ሳይመጣ ሲቀር ያቆማል። ይሄ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ እናንተ ናችሁ የምትደውሉት፣ እናንተ ናችሁ ቀጠሮ የምትይዙት፣ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ጓደኛ ነው የሚያወራው፣ አካላዊ ቅርበት ሲመጣ ገለል ይላል። እንደዛ ከሆነ አዎ፣ ስቦት አያውቅም ማለት ነው። ያም ቢሆን የሱ ስሜት ነው የተነገራችሁ እንጂ የሁሉም ሰው ዓይን አይደለም፣ ምክንያቱን 6ኛው ላይ እመጣበታለሁ።

5. ገና ሳትገናኙ ከቀራችሁ የታየው ምን እንደነበር ለዩ

አፕ ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ ተጻጽፋችሁ የቀረ ከሆነ፣ ወይም አንዳችሁ ዱባይ ወይም ቤሩት ሆናችሁ በስልክ ብቻ የነበረ ከሆነ፣ የ3ኛው ዝርዝር አይሠራም፣ ምክንያቱም ያ ሰው እናንተን አላያችሁም። ያየው ፎቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ሁለት ሰከንድ። ስለዚህ የምትጠይቁት «አምራለሁ ወይ» ሳይሆን «ፎቶው እኔን ያሳያል ወይ» ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የፊት ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ያወጡት ስሌት አለ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ላይ የተነሳ ሴልፊ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ከተነሳው ጋር ሲተያይ አፍንጫን 30 ፐርሰንት ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ካሜራው ለአፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ስለሚቀርብ ነው፣ ፊታችሁ ላይ ያለ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ሰው ይያዝላችሁ፣ ወይ የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ፊልተር። ፊልተር ስትጠቀሙ ሌላ ችግር ይመጣል፣ የተወደደው ፊልተሩ ይሁን እናንተ አይታወቅም፣ ስትገናኙም ሰውየው የጠበቀው ሌላ ፊት ነው።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወንድም አራት ወር ሙሉ አፕ ላይ ማች የሚባል ነገር አላየሁም አለኝ። ፕሮፋይሉን አሳየኝ ስለው ስድስት ፎቶ አለው፣ አራቱ መኪና ውስጥ በጥቁር መነጽር፣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር። እሱ አራት ወር ሙሉ «ፊቴን ጠሉት» ሲል የነበረው፣ ፊቱ ግን አንዱም ፎቶ ላይ በደንብ አይታይም። ደግሞም አፕ ላይ ወንዶች ከሴቶች በጣም ያነሰ ማች ነው የሚያገኙት፣ ወንዶቹ ብዙውን ላይክ ስለሚያደርጉ ሴቶቹ ደግሞ እየመረጡ ስለሚያደርጉ፣ ስለዚህ የወንድ ዝምታን በሴት ጓደኛ ቁጥር አትለኩት።

አንዴ ተገናኝታችሁ ከዛ የቀረ ከሆነ መሀል ላይ ናችሁ። በዛች ሁለት ሰዓት ውስጥ መልክም ታይቷል፣ ወሬም ተሰምቷል፣ ድካምም፣ ማርፈድም፣ ስልክ መነካካትም ታይቷል። ከአንድ ቀጠሮ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ እኔም አልችልም፣ እናንተም አትችሉም። ወረቀቱ ላይ «አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

6. ቁጠሩ፣ ግን ከየትኛው በር ላይ እንደወጡ ለይታችሁ

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው» የሚለውን ቃል ወደ ቁጥር ቀይሩት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ማን ማን ነበር፣ እያንዳንዱ የት ላይ ቆመ፦ በር 1 ከመገናኘት በፊት፣ በር 2 ከአንድ ቀጠሮ በኋላ፣ በር 3 ብዙ ከተገናኛችሁ በኋላ። እናንተ ያቆማችሁትንም ጻፉ፣ ሰው ይሄን ይረሳዋል። የወንጂዋ ልጅ «ሁልጊዜ» ያለችው ሦስት ሰው ሆነ፣ ሦስቱም በር 3 ላይ፣ አንዱን ደግሞ ያቆመችው ራሷ ናት፣ ይጠጣል ብላ።

እንዲህ አንብቡት። ብዙው በር 3 ላይ ከሆነ ሰዎች አይተዋችሁ ገብተዋል ማለት ነው፣ መልክ በሩን አልዘጋውም፣ የሚታየው ነገር ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ የአመራረጥ፣ የንግግር፣ የኑሮ ሁኔታ። ብዙው በር 1 ላይ ከሆነ ፎቶውንና የምትጽፉትን የመጀመሪያ መልእክት ቀይሩና አንድ ወር ሞክሩ፣ ከተለወጠ ችግሩ ፎቶው ነበር። ብዙው በር 2 ላይ ከሆነ ያን ጓደኛችሁን «ከሰው ጋር መጀመሪያ ስገናኝ እንዴት ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ምንም አታንብቡበት፣ በጣም ትንሽ ነው።

አንድ ሰው የሰጠው ፍርድ ለምን ለሌላው እንደማይሠራ ላስረዳ። ሰዎች ፊት እንዲመዝኑ ሲደረግ የሚስማሙበት ክፍል አለ፣ ይሄን መካድ አያስፈልግም። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዮሃንስ ሆነኮፕ ጥናት ላይ የጋራው ምርጫና የግሉ ምርጫ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው የወጡት፣ ይሄ ደግሞ የማያውቁትን ሰው ፎቶ እያዩ ነው። ሲተዋወቁስ? ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ፖል ኢስትዊክና ሉሲ ሀንት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ደግሞ አንድ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎችን ሴሚስተሩ ሲጀመርና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አንዳቸው ስለሌላው ጠየቁ። መጀመሪያ ላይ ማን ማራኪ እንደሆነ ብዙም አልተለያዩም፣ ከተዋወቁ በኋላ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ያይ ጀመር፣ የግል አስተያየቱ ከጋራው በለጠ። ስለዚህ ሁለት ወር ያወቃችሁ ሰው «አልተሳብኩም» ሲል የሚናገረው በአብዛኛው ስለራሱ ዓይን ነው፣ «ታይፔ አይደለህም» ብሎ በግልጽ ቢናገር እንኳን። ያማል፣ በጣም ያማል፣ ግን ከሱ አፍ ወጥቶ ሌላው ሰው ላይ አይሠራም።

7. መጠየቅ ከፈለጋችሁ አንዴ፣ አጭር፣ ስለ ሆነው ነገር ጠይቁ

ግዴታ አይደለም። ግን ብዙ የተገናኛችሁት ሰው ከሆነና መልስ ባይመጣ የምትቋቋሙት ከሆነ እንዲህ ጻፉ፦ «ውሳኔህን አከብራለሁ፣ ሐሳብህን ላስቀይር አይደለም። ለኔ እንዲገባኝ ያህል፣ ያልተመቸህ የተለየ ነገር ካለ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል፣ ካልፈለግክም ችግር የለም።» ከዛ ጨርሳችኋል፣ ባይመልስ ሁለተኛ አትጻፉ።

«አላምርም እንዴ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ይሄን የተጠየቀ ሰው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፣ «ኧረ አንቺ ቆንጆ ነሽ» ይላል፣ እናንተም አታምኑትም፣ ስለዚህ ምንም አዲስ ነገር አላገኛችሁም። መልስ ካገኛችሁ ግራ ዓምድ ላይ በራሱ ቃል ጻፉት። ለስላሳ ውሸት ሊሆን እንደሚችል አትርሱ፣ ሰው «ቤተሰቤ አልፈቀደም» ሲል ራሱ ያልፈቀደ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ከውሸቱ ጀርባ ያለው መልካችሁ ነው ለማለት አሁንም ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ

- ፎቶአችሁን ቴሌግራም ግሩፕ ወይም ቲክቶክ ላይቭ ላይ አውጥታችሁ «ከአስር ስንት?» አትበሉ። ሲሳደብ ደስ የሚለው ሰው ነው ቀድሞ የሚመልሰው፣ ፎቶውም እዛው ይቀራል።
- በዚህ ስሜት ውስጥ ሆናችሁ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም አትጀምሩ። ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፣ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል።
- ጥርስ፣ ጸጉር፣ ኪሎ ላይ የሆነ ነገር መሥራት መብታችሁ ነው፣ ግን ውሳኔውን ለ3 ወር አዘግዩት። ከ3 ወር በኋላም እሱን ሳታስቡ ከፈለጋችሁት አድርጉት። ለሱ ብላችሁ ካደረጋችሁት እሱ አይመለስም፣ ገንዘቡም አይመለስም።
- አንድ የሰውነት ክፍል በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ በሱ ምክንያት ሥራ ወይም ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ካቆማችሁ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ያን ነገር ጭራሽ የማያየው ከሆነ፣ ይሄ በወረቀት የሚፈታ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*አዲሷን ልጅ አይቶ መደምደም።* ከናንተ በኋላ የያዛትን ልጅ ፎቶ አይታችሁ «እሷ ቀይ ናት፣ በቃ ገባኝ» ትላላችሁ። ከሷ ጋር የሆነበትን ምክንያት ከፎቶ ማየት አይቻልም። የወንጂዋ ልጅ ለሦስት ቀን ይሄን ስትሠራ ነበር፣ በኋላ ልጅቷ የአክስቱ ልጅ ሆና ተገኘች።

*ዝምታን እንደ ቃል መቁጠር።* አይቶ አለመመለስ ምክንያት አይናገርም። ግራ ዓምድ ላይ መጻፍ የሚቻለው «አይቶ አልመለሰም» ብቻ ነው።

*የሚያምሩ ሰዎችን ከሂሳቡ ማውጣት።* በአካባቢያችሁ ቆንጆ የምትሏትን አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ አስቡና ተትተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቋቸው። መልክ የመተው መከላከያ ቢሆን ኖሮ እነሱ አይተዉም ነበር፣ ይተዋሉ፣ አንዳንዴ በጣም ክፉ በሆነ መንገድ።

*በተቃራኒው ማጋነን።* «እኔ ቆንጆ ነኝ፣ እሱ ነው ዓይነ ስውር» ማለትም ያው ስህተት ነው። አሁንም የአንድ ሰውን ውሳኔ ስለ መልክ እንደተሰጠ ፍርድ ነው የምታነቡት፣ ይግባኝ እያላችሁ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ መልክ የሚለው ካልተነሳ አታንሱት።

*ወረቀቱን ቀድዶ መጣል።* አስቀምጡት። የሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ወረቀት ስትሠሩ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ በሩ ያው መሆን አለመሆኑን ታያላችሁ፣ ቀኝ ዓምድ ላይ የጻፋችሁት ቃል ደግሞ ሰውየው ቢቀየርም ያው ከሆነ፣ ያ ቃል ከሰዎቹ ሳይሆን ከናንተ ጋር የመጣ ነው። የሷ ወረቀት መጨረሻ ላይ በእጇ የጻፈችው እስካሁን አለ፦ «ምክንያት፦ አይታወቅም። ጥርስ፦ ሰርጉ ቀን ታይቷል፣ በማግስቱ ደውሏል።»